ለመለሎ ብረት አንሺ የሚመጥነው ስኳትና ዴድሊፍት

ባር በትከሻ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ሲባል ፈጽሞ የማይሻር አንድ ሕግ አለ። ባሩ ከታች እስከ ላይ በውስጥ እግር መሐል ትይዩ መሆን አለበት። ወደ ፊት ካለፈ ተረከዝ ይነሣል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ሰውየው በመቀመጫው ይወድቃል። ጉልበት፣ ዳሌና ጀርባ እየተጣጠፉ የሚደርሱበት ቅርጽ ሁሉ ይህን ሕግ ለማክበር የሚያደርጉት ነው። ጭን ከመሬት ጋር ትይዩ በሚሆንበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ዳሌ ከጉልበት በስተኋላ የሚርቀው በጭኑ ርዝመት ልክ ነው። ጭኑ ረጅም ከሆነ ዳሌው በጣም ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ባሩ ወደ እግሩ መሐል እንዲመለስ ደግሞ ጀርባው የዚያኑ ያህል ወደ ፊት መዘንበል ይኖርበታል። ረጅም ጭን ያለው ሰው በስኳት ጊዜ የሚያጎነብሰው ከስንፍና ወይም ከድክመት የተነሣ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አጥንቱ ሌላ መንገድ ስለማይሰጠው ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ሁለት ሰዎች ከዳሌ እስከ ባሩ ድረስ እኩል 52 ሳንቲ ሜትር የጀርባ ርዝመት አላቸው እንበል። የመጀመሪያው ጭኑ 42፣ ቅልጥሙ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሁለተኛው ጭን 50፣ ቅልጥሙ 45 ነው። ሁለቱም ቁርጭምጭሚታቸው ተጣጥፎ ቅልጥማቸው 30 ዲግሪ ወደ ፊት ቢያዘነብል፣ የመጀመሪያው ጀርባ ከቀጥታ 31 ዲግሪ ያህል ሲያጎነብስ የሁለተኛው 39 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በባሩና በዳሌው መካከል ያለው አግድም ርቀትም በመጀመሪያው 27፣ በሁለተኛው ከ32 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱም 100 ኪሎ ቢሸከሙ በሁለተኛው ዳሌና ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ለዓይን እኩል የሚመስለው ኪሎ ለአካል እኩል አይደለም። የረጅሙ ሰው ቁርጭምጭሚት ደንድኖ ቅልጥሙ 20 ዲግሪ ብቻ የሚያዘነብል ከሆነ ደግሞ የጀርባው ማጎንበስ ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል።

በየጂሙ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዘወትር የሚሰጠው ምክር «ደረትህን ቀና አድርግ» የሚል ነው። ሌላ ነገር ሳይለወጥ ይህን ምክር መፈጸም አይቻልም። ደረቱን ቀና ካደረገ ባሩ ከእግሩ መሐል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እንዳይወድቅ ሲል ወይ ከግማሽ መንገድ ይመለሳል፣ ወይ ወገቡን ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ያጎብጣል። ምክሩ የሚጠቅመው ማጎንበሱ የመጣው ከአጥንት ርዝመት ሳይሆን ከድክመት ሲሆን ነው። ሁለቱን ለመለየት ከጎን የተቀረጸ ቪዲዮ በቂ ነው። ስልኩ በዳሌ ከፍታ ይቀመጥና ከታች ጀምሮ ያለው የጀርባ አቅጣጫ ይታያል። ሰውየው ሲነሣ ጀርባው ከታች በነበረበት ዝንባሌ ቆይቶ ቀስ በቀስ ከቀና ማጎንበሱ የተፈጥሮ ቅርጹ ነው፤ ሊነካም አይገባም። ዳሌው ቀድሞ ተነሥቶ ጀርባው ከታች ከነበረው ይበልጥ ከተደፋ ግን ኪሎው በዝቷል ወይም የፊት ጭኑ ደክሟል ማለት ነው።

ቁመት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ቁመቱ 1.90 ሆኖ ርዝመቱ ከወገብ በላይ የሆነ ሰው ያለ ምንም ችግር ይቀመጣል፤ 1.70 ሆኖ ጭነ ረጅም የሆነ ደግሞ ይቸገራል። ልኩን ለማወቅ ሜትር መያዝ ያስፈልጋል። ቆሞ እግርን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲያዞሩ ከዳሌ ጎን ከእጅ ሥር የሚንቀሳቀስ የአጥንት ጉብታ ይገኛል። ከዚያ ጉብታ እስከ ጉልበት መጋጠሚያ ያለው የጭን ርዝመት፣ ከጉልበት እስከ መሬት ያለው የታችኛው እግር፣ ከጉብታው እስከ አንገት ሥር ያለው ደግሞ የጀርባ ርዝመት ነው። የጭኑ ርዝመት ወደ ጀርባው በተጠጋ ቁጥር ተራው ስኳት እየከበደ ይሄዳል። ቀጥሎ የቁርጭምጭሚት መታጠፍ ይለካል። አውራ ጣትን ከግድግዳ አርቆ፣ ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበትን ግድግዳ ማስነካት ነው። ከጣት እስከ ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ከተገኘ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቅልጥመ ረጅም ለሆነ ሰው ግን ይኸው 10 ሳንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ የሚያሳየው አነስተኛ መታጠፍን ስለሆነ ዝቅተኛ ልክ አድርጎ መውሰዱ ይሻላል።

እንቅስቃሴውን ከመቀየር በፊት ሁለት ነገሮችን ማስተካከል ይገባል፤ በተናጠል እንጂ በአንድ ጊዜ አይደለም። የመጀመሪያው ተረከዝን ከፍ ማድረግ ነው። የክብደት አንሺዎች ጫማ ተረከዙ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለና የማይጨመቅ ነው። ጫማው ከሌለ ከሁለቱም ተረከዞች ሥር እኩል ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ትንሽ ፕሌት ማድረግ ይቻላል። በዚህ ብቻ ቅልጥም ስድስት ዲግሪ ገደማ ተጨማሪ ያዘነብላል፤ ከላይ ባለው ስሌት 50 ዲግሪ ያጎነበሰው ሰው ወደ 43 ይመለሳል። ሶሉ የለሰለሰ የሩጫ ጫማ ከውጭ ሲታይ ተረከዙ ከፍ ያለ ቢሆንም ኪሎ ሲጫንበት ስለሚሟሽሽ ይህን ጥቅም አይሰጥም፤ ሚዛንንም ያናጋል። ሁለተኛው የእግር አቋቋም ነው። እግሮች ከትከሻ ሰፋ ብለው ጣቶች ወደ 30 ዲግሪ ሲከፈቱና ጉልበቶችም በጣቶቹ አቅጣጫ ሲሄዱ፣ ጭኑ በከፊል ወደ ጎን ስለሚዘረጋ ከጎን ሲታይ የማጠር ያህል ይሆናል። ውጤቱም ከተረከዝ ማስነሣት ያላነሰ ነው። ገደቡ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅርጽ ነው። ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ሲቀመጥ ብሽሽቱ ላይ ከፊት በኩል የሚቆነጥጥ ስሜት ከመጣ አቋቋሙ ለዚያ ሰው ሰፍቷል፤ በመለጠጥም የሚስተካከል አይደለም።

ባሩን ከትከሻ ዝቅ አድርጎ በጀርባ ላይ መሸከም ለረዣዥሞች ብዙ ጊዜ ይመከራል። ባሩ ወደ ዳሌ ስለሚቀርብ ከባድ ኪሎ ለማንሣት ይረዳል፤ ሆኖም ማጎንበሱን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። የፊት ጭኑን ማጠንከር ለሚፈልግ ረጅም ሰው ይህ ተቃራኒ መንገድ ነው።

ማስተካከያዎቹ ካልበቁ እንቅስቃሴውን ራሱን መቀየር ነው፤ መርሑም ቀላል ነው። ክብደቱ ከጀርባ ወደ ደረት ፊት ሲዞር፣ በእግሩ መሐል ትይዩ ለመሆን ጀርባ ያን ያህል መደፋት አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ደረጃ ጎብሌት ስኳት ነው። አንድ ዳምቤል በሁለት እጅ ከደረት ፊት ተይዞ ይቀመጧል። ዳምቤሉ እንደ ሚዛን ማካካሻ ስለሚሠራ፣ በባር ተቀምጦ የማያውቅ ረጅም ሰው እንኳ በዚህ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ችግሩ እግሩ ሳይደክም እጁ የሚደክምበት ኪሎ ቶሎ መምጣቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ ፍሮንት ስኳት ነው፤ ባሩ ከፊት ትከሻ ላይ፣ ጉሮሮ አጠገብ ያርፋል። ጀርባው ቀና ስለሚል ከወገብ ይልቅ የፊት ጭን ይሠራል። ሰውየው ከመጠን በላይ ካጎነበሰም ባሩ ተንሸራቶ ስለሚወድቅ ስሕተቱን ለመደበቅ አይመችም። በመሆኑም ባሩን የሚይዙ የደኅንነት ብረቶች ባሉበት መደርደሪያ ውስጥ መሥራት ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ክንደ ረጅሞች የሚገጥማቸው የራሳቸው ችግር አለ። በተለመደው አያያዝ ክርን ወደ ፊት ተነሥቶ ጣቶች ከትከሻ አጠገብ ባሩን ይደግፋሉ። ከክርን እስከ አንጓ ያለው ክፍል ከላይኛው ክንድ አንጻር ረጅም ከሆነ እጅ ትከሻውን አልፎ ስለሚሄድ አንጓው እስኪያም ይጣመማል፣ ክርኑም ወደ ታች ይወርዳል፣ ባሩ ይንሸራተታል። ይህ በተለጠጡ ቁጥር የሚጠፋ ችግር አይደለም። መፍትሔው በባሩ ላይ በትከሻ ስፋት ልክ ሁለት የእጅ ማሰሪያ ጨርቆችን ጠምጥሞ፣ ባሩን ሳይሆን ቀጥ ብለው የቆሙትን ጨርቆች መያዝ ነው። ከትከሻ እስከ እጅ ያለው ርቀት ስለሚጨምር ክርኑ ያለ ሕመም ከፍ ይላል። እጅን አመሳቅሎ መያዝም ይቻላል፤ ነገር ግን አንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ እንዳይል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ጭነ ረጅም ለሆነ ሰው እጅግ የሚጠቅመው፣ ብዙዎች ግን እንደ ማሟያ ብቻ የሚያዩት፣ የኋላ እግርን ከፍ ባለ ነገር ላይ አሳርፎ በአንድ እግር የሚሠራው ቡልጋሪያን ስፕሊት ስኳት ነው። የኋላው እግር የሚደገፈው ከጉልበት በታች በሆነ ወንበር ላይ ነው። የፊተኛው እግር ብቻውን ስለሚሠራ ቀላል ዳምቤል በቂ ነው፤ ወገብም ከከባድ ጫና ይድናል። ሚዛኑ በሁለቱ እግሮች መካከል ስለሚከፋፈል የጀርባው ዝንባሌ እንደ ተሠሪው ፍላጎት ይሆናል። ረጅም ሰዎች እዚህ የሚሳሳቱት እርምጃቸውን በማሳጠር ነው። ሲወርዱ የፊተኛው ተረከዝ ከተነሣ የፊተኛውን እግር በአንድ ጫማ ርዝመት ያህል ወደ ፊት ማራቅ ነው። እግርን የሚገፉበት ሌግ ፕሬስም ለጭን ይሠራል፤ ወገቡ ከመደገፊያው እንዳይነሣ እየተጠነቀቁ መጠቀም ይቻላል።

ወደ ዴድሊፍት ሲመጣ ችግሩ ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ደንበኛው ትልቅ ፕሌት ዙሪያው 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ስለዚህ ባሩ ከመሬት 22.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ይህ ከፍታ ለ1.65ም ለ1.95ም ሰው አንድ ነው፤ በሰው ቁመት የተለካ አይደለም። እግረ ረጅሙ ባሩን ለመድረስ ይበልጥ ዝቅ ማለት ግድ ይለዋል። በፕሌት ፋንታ ትንንሽ ክብ ብረቶች የሚጫኑበት ጂም ውስጥ ደግሞ ባሩ ከደንበኛው ከፍታ በታች ስለሚውል ችግሩ ይብሳል። የሚሰማው ምቾት ማጣት ከሰውነት ሳይሆን ከብረቱ ስፋት የመጣ እንዳይሆን በቅድሚያ ከባሩ እስከ መሬት ያለውን መለካት ተገቢ ነው።

ጉዳዩን የሚወስነው የእጅ ርዝመት ነው። ረጅም እጅ ባሩን ዝቅ ሳይሉ ለመድረስ ያስችላል፤ ስለዚህ እግሩም እጁም የረዘመ ሰው ለዴድሊፍት የተመቸ አካል ሊኖረው ይችላል። አሜሪካዊው ላማር ጋንት እ.ኤ.አ. በ1985 60 ኪሎ ገደማ እየመዘነ 300 ኪሎ በማንሣት የራሱን ክብደት አምስት እጥፍ ያነሣ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ ቁመቱ አጭር ቢሆንም እጆቹ ከአካሉ አንጻር እጅግ ረጃጅም ነበሩ። እጀ ረጅም ሰው ዴድሊፍት የሚከብደው ብዙውን ጊዜ እንደ ስኳት ዳሌውን ዝቅ አድርጎ ለመጀመር ስለሚሞክር ነው። ዳሌው ሲወርድ ጉልበቱ ወደ ፊት ይገፋና ባሩን ከእግሩ መሐል ያርቀዋል፤ ባሩ ጉልበቱን ለመዞር ሲል ወደ ፊት ይወዛወዛል። ማስተካከያው ባሩ ከቅልጥሙ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ርቆ በእግር መሐል ላይ እንዲሆን ማድረግ፣ እጅ ባሩን ሲይዝ ዳሌን ዝቅ ሳያደርጉ ቅልጥም ባሩን እስኪነካ ጉልበትን ማጠፍ፣ ከዚያ ዳሌውን ባለበት ትቶ ደረትን ማቅናት ነው። ዳሌው ከጠበቀው በላይ ከፍ ብሎ፣ ጀርባው ከመሬት ጋር ወደ መተያየት ቢጠጋም ትክክል ነው።

እግሩ ረዝሞ እጁ ተራ የሆነ ሰው ግን በየትኛውም ዳሌ አቀማመጥ ወገቡ ሳይጎብጥ ባሩ ላይ ላይደርስ ይችላል። ለዚህ ሰው ከመሬት ማንሣት ግዴታ አይደለም። ፕሌቶቹን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጠንካራ ጣውላ ወይም በሌሎች ፕሌቶች ላይ አስቀምጦ ማንሣት ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ነው። ሱሞ በሚባለው አያያዝ እግሮች በሰፊው ተከፍተው እጆች በጉልበቶች መካከል ባሩን ይይዛሉ፤ ዳሌው ወደ ባሩ ይቀርባል፣ ጀርባውም ቀና ይላል፤ ነገር ግን ዳሌው ለመከፈት የሚመች መሆን አለበት። ሦስተኛው አማራጭ ትራፕ ባር ነው። ብረቱን በ1980ዎቹ አል ጄራርድ የተባለ አሜሪካዊ ክብደት አንሺ የሠራው የራሱን ወገብ ለማዳን ነበር። ሰውየው በብረቱ መሐል ይቆማል፤ እጆቹ ከጎን ስለሚይዙ ቅልጥም ባሩን አያግደውም፣ ጉልበትም በነፃነት ወደ ፊት ይሄዳል። አብዛኛዎቹ ከፍ ያለ መያዣም ስላላቸው ለመለሎ ሰው ከተፈጠሩት መሣሪያዎች ሁሉ ይህ ተመራጭ ነው፤ ችግሩ በሁሉም ጂም አለመገኘቱ ነው።

ከየትኛውም ጋር አብሮ መሠራት ያለበት የሮማንያ ዴድሊፍት ነው። ስያሜው በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ወርቅ ካገኘው ከሮማንያዊው ኒኩ ቭላድ ጋር የተያያዘ ነው። ባሩ ከላይ ተይዞ፣ ጉልበት በጥቂቱ ተጣጥፎ፣ ዳሌ ወደ ኋላ እየተገፋ ባሩ በጭን ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። መሬት መንካት አያስፈልግም። የኋላ ጭን ሲወጠርና ዳሌ ተጨማሪ ወደ ኋላ መሄድ ሲያቆም እንቅስቃሴው ያበቃል። ለብዙ ረጅም ሰዎች ይህ የሚሆነው ባሩ ከጉልበት በታች እንደደረሰ ነው፤ ከዚያ በታች የሚወርደው በወገብ መጉበጥ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ማየት ይቻላል። ቁመቱ 1.93 ሜትር፣ ጭኑ 50፣ ጀርባው 52 ሳንቲ ሜትር፣ እጁ ተራ ርዝመት ያለው ሰው አለ እንበል። ከግድግዳ ጋር በተደረገው መለኪያ 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያገኛል። በ70 ኪሎ ስኳት በአራተኛው ድግግሞሽ ላይ ተረከዙ ይነሣል፤ በ100 ኪሎ ዴድሊፍት ፕሌቶቹ መሬት ሳይለቁ ወገቡ ይጎብጣል። ለዚህ ሰው ኪሎ መጨመር ወይም «ቀና በል» ማለት ምንም አይጠቅመውም። በሳምንት ሁለት ቀን በሚሠራበት ጊዜ የመጀመሪያውን ቀን በተረከዝ ማስነሻ ላይ ቆሞ በ40 ኪሎ ፍሮንት ስኳት አራት ዙር በአምስት ድግግሞሽ ይጀምራል፤ ቀጥሎ በሁለት 10 ኪሎ ዳምቤል ቡልጋሪያን ስፕሊት ስኳት ለየእግሩ ሦስት ዙር በስምንት ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ፕሌቶቹን 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በ80 ኪሎ ዴድሊፍት አራት ዙር በአምስት፣ ከዚያ በ50 ኪሎ የሮማንያ ዴድሊፍት ሦስት ዙር በስምንት፣ በመጨረሻም ተረከዙን ከፍ አድርጎ በ50 ኪሎ የተለመደውን ስኳት ሦስት ዙር ያስከትላል። ድግግሞሹ አምስት የሆነው በምክንያት ነው። የረጅም ሰው ባር ከሌላው ይልቅ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ብዙ ሥራ አለው፤ በአሥርና በአሥራ ሁለት ድግግሞሽ መጨረሻ ላይ ቅርጹ ይበላሻል።

ኪሎ የሚጨመረው በሳምንት 2.5 ያህል ነው፤ መስፈርቱ ከጎን የተቀረጸው ቪዲዮ ነው። የመጨረሻው ድግግሞሽ ከመጀመሪያው ጋር ካልተመሳሰለ ኪሎው ባለበት ይቆያል። ከስምንት ሳምንት በኋላ ከፕሌቶቹ ሥር ያለው ከፍታ በየሁለት ሳምንቱ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል። ወገቡ መጉበጥ በሚጀምርበት ከፍታ ላይ ያቆማል፤ ያ ከፍታ የእርሱ መሬት ነው። በሥራ ጊዜ ጭንና መቀመጫ መድከሙ የተለመደ ነው። በአንድ እግር ወደ ታች የሚወርድ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ከመጣ ግን የቅርጽ ጉዳይ ስላልሆነ ሥራውን አቁሞ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ ነፃ ያልሆነው የፓወርሊፍቲንግ ተወዳዳሪ ብቻ ነው። በውድድር ላይ ስኳት የሚቆጠረው ባር በጀርባ ተይዞ የዳሌ መታጠፊያ ከጉልበት አናት በታች ሲወርድ ነው፤ ዴድሊፍትም ከመሬት፣ ወይ በተለመደው ወይ በሱሞ ይነሣል። ረጅም ተወዳዳሪ ሌሎቹን እንቅስቃሴዎች ለጉልበት ማጠንከሪያ ይጠቀምባቸውና ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን እነዚህን ሁለቱን በውድድሩ ደንብ ይለማመዳል። ከእርሱ ውጭ ያለው ሰው ግን በፍሮንት ስኳትና ከፍ ባለ ባር ዓመታት ቢቆይ የሚያጎድለው ጡንቻ የለም።